የሰርዶ ቀለበት

ልጅን ዝም አሰኝቶ ማቆየት ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ እስቲ አትክልትን ለአንድ ጠዋት ይረከብና ይሞክራት። ስድስት ዓመቷ ነው። ከነቃችበት ሰዓት እስክትተኛ ድረስ አፏ አይገጠምም። ዶሮ ለምን ጥርስ እንደሌላት ትጠይቃለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ደግሞ ራሷ ትመልሰዋለች። አባቷ ደርበው «ከተከሰስኩ ጠበቃ አልፈልግም፤ ይቺን ልጅ ብቻ ዳኛ ፊት አቁሙልኝ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር።

አሁን ሳቅ የለም። ደርበው ከታፈሰ ሰንብቷል። ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው፤ ገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው አቅርብ ይባላል፣ የተገኘው ሁሉ ይለቀምና ቆሰበር ከተማ ይወርዳል። ሚስቱ ወርቅአየሁ ትንሹን ልጅ ቢሻውን በወለደች በሳምንቷ አርፋለች፤ ልጆቹን ያለ እናት ያሳደጋቸው እሱ ነው። እህቱ ማናየሽ አዘና በሚባለው አገር ባሏ ቤት ሆና መርዶ የመሰለውን ወሬ ስትሰማ፣ ሊጡን እንደተቦካ ትታ ነው የመጣችው። ልጆቹን ጎረቤት ቤት አገኘቻቸው፤ ቢሻው አፍንጫው ተዝረክርኮ፣ አትክልት ያባቷን ጋቢ ደርባ።

«ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ ከሆነ ልጆቹን ይዘሽ ቅረቢ» አሏት የሚያውቁ ሰዎች። «መልማይ ኮሚቴው ያያቸዋል። እውነትም አባታቸው ከሆነ ይለቁታል፤ ባለፈው ለአንዱ እንዲህ አድርገውለታል።» ይህቺን ይዛ ነው ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ሳይነጋ ቢሻውን አዝላ አትክልትን በእጇ ይዛ ቁልቁል ወደ ቆሰበር የወረደችው። የመጨረሻው ቀን ነበር። ኦራል የሚሉት የጦር መኪና ከኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል፤ ከሰዓት በኋላ ይነሳል ተብሏል። ከተነሳ ደርበው አለቀ ማለት ነው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌው፣ እመጫቷ፣ ሁሉም የቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተኮልኩሎ ከሚንጠባጠበው ካፊያ ይሸሻል። በሩ ላይ ሀብቱ የሚሉት አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን ታቅፎ ቆሟል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ውስጥ ያሉት የኮሚቴው ሰብሳቢ ጩኸት አይወዱም፣ ሲቆጡ ደግሞ የሚቆጡት እሱን ነው። ስለዚህ ገና ከጠዋቱ አዋጁን ነገረ።

«የሰውም የልጅም ድምፅ አልሰማም። ድምፅ የተሰማበት ተራውን አጥቶ ከግቢ ይወጣል።»

ማናየሽ አትክልትን አየቻት። አትክልት አፏን ልትከፍት ትንፋሿን እየሳበች ነበር።

«ነይ፣ ነይ ተቀመጪ» አለቻት ቶሎ ብላ። «እስቲ ጠጠሩ በየትኛው እጄ ነው?»

በዚህ ተጀመረ። ትንሽዬ ጠጠር ከመዳፍ መዳፍ ከጀርባዋ አዘዋውራ ሁለት ጡጫ ታቀርባለች፤ ልጆቹ አንዱን ይነካሉ። ካወቁ ጠጠሩን ይወስዱና በተራቸው ይደብቃሉ። ለቢሻው የሚሆን ጨዋታ ነው፤ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ችግሩ ቢሻው ጠጠሩን የያዘበትን እጅ ራሱ እያየ ነው የሚያቀርበው። አትክልት ሁልጊዜ አወቀችበት፣ ሁልጊዜም አሸነፈችው፣ በመጨረሻ ልጁ ከንፈሩን ጣለ። ሊያለቅስ መሆኑን ያየችው ማናየሽ ጠጠሩን ቀምታ ጨዋታውን ለወጠችው።

ቀለሞሽ አወጣች። አምስት ለስላሳ ጠጠር መርጣ፣ አንዱን ወደ ላይ ወርውራ እሱ እስኪወርድ መሬት ካሉት አንዱን አፍሳ መልሳ ቀለበችው፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን፣ ቀጥሎ ሦስቱን ባንዴ። ነጠላዋን አጥፋ ከሥር አንጥፋለች፣ ጠጠሩ እንዳይንኳኳ። አትክልት እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ተጫወተች፣ ማናየሽም እፎይ አለች። ከበሩ ወጥተው የሚሄዱትን ሰዎች ፊት የምታነብበት ጊዜ አገኘች። አንድ ሽማግሌ እየሳቁ ወጡ። አንዲት ሴት ግን ወጥታ በቀጥታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፣ እዚያው ቀረች።

ቢሻው ያን ጊዜ ነው ከጠጠሮቹ አንዱን አንስቶ የወረወረው። ቆርቆሮው ላይ ጓ አለ።

ሀብቱ መጣ። «ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለ፣ ጠጠሮቹን በጫማው ጠርጎ። «ሁለተኛ የለም።»

ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ እንቆቅልሽ ሆነ። ማናየሽ በአትክልት ጆሮ «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ አትክልት በእሷ ጆሮ «ምን አውቅልሽ» ትላለች። «ቀን ተጠቅልላ ትቆማለች፣ ማታ ተዘርግታ ትተኛለች?» አትክልት አሰበች፣ አላገኘችውም። «በይ አገር ስጪኝ» አለቻት ማናየሽ። ያላወቀ አገር መስጠት አለበት፤ መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባዬ የሚሄድበትን አገር ልስጥሽ» አለች ልጅቷ።

ማናየሽ የልጅቷን ራስ ዳበሰች። «እሱን አልፈልገውም። ሌላ ስጪኝ» አለቻትና ዳንግላን ተቀበለች። መልሱ ሰሌን ነበር።

ሀብቱ እስከዚያው ልቡ ራራ መሰለኝ፣ ወይም ሰልችቶት ይሆናል፣ ጎንበስ ብሎ አትክልትን አናገራት። የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት መጣሽ አላት። ምነው ባላላት ኖሮ። አትክልት ጠዋቱን ሙሉ ታፍኖ የቆየውን አፏን ከፈተችው። «አባዬን ልንወስድ ነው። አባዬ እኮ ሊይዙት የመጡ ቀን ቀርከሃው ውስጥ…»

«ልጄ ራበሽ?» አለችና ማናየሽ ቂጣ አፏ ላይ ወተፈችላት። ደርበው የተያዘው ቀርከሃው ውስጥ ተደብቆ ሳለ ነው፤ ይህን ልጅቷ በገዛ ዓይኗ አይታለች። ከግዳጅ የሸሸ ተብሎ ከተጻፈበት ደግሞ እንኳን መለቀቅ፣ ሌላ ጣጣ ይከተለዋል። ሀብቱ ቀና ብሎ ወደ በሩ ተመለሰ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አልታወቀም።

ያኔ ነው ማናየሽ አንድ የልጅነት ጨዋታ ያሰበችው። ባታስበው ምናለ!

ጨዋታው የደርበው ነበር። የእሱና የማናየሽ እናት ታማ ዳንግላ ክሊኒክ የሄዱ ጊዜ፣ ማናየሽ አትክልትን የምታክል፣ እሱ ትንሽ ከፍ ያለ ሆነው፣ ሲጮሁ በሽተኛ ይረብሻሉ ተብለው ሊባረሩ ሲሉ፣ ደርበው ከድንጋይ መሃል ሰርዶ ነቅሎ በትንሿ ጣቷ ላይ አሰረላት። አፍሽ ታሰረ አላት። ሕጉን ራሱ አወጣው። የታሰረ አይናገርም። ያሰረው ሰው በገዛ እጁ ሰርዶውን እስኪፈታ ድረስ ንጉሥ ቢጠይቀው አይመልስም። ሰርዶውን ራሱ የበጠሰ ወይም ሌላ ሰው ያስበጠሰ ተሸነፈ። ያሰረው ደግሞ ሊያታልል ይችላል፤ ያስቃል፣ ይጠይቃል፣ «በይ ፈትቼልሻለሁ» ይላል። በአፍ መፍታት ግን መፍታት አይደለም፤ ወጥመድ ነው። ያን ቀን ማናየሽ እናቷ ከሐኪሙ ክፍል እስክትወጣ ድረስ ትንፍሽ አላለችም፤ ደርበውም አሸንፈሻል ብሎ እስከ መኪናው ድረስ በትከሻው ተሸክሟታል።

ከክፈፉ ሥር ሰርዶ አልጠፋም። ሁለት ረዘም ያለ ነቀለች፣ ለሁለቱም በትንሿ ጣታቸው ዙሪያ ጠምጥማ ቋጠረችላቸው፤ ሕጉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ያሸነፈስ?» አለች አትክልት፣ ገና ሳትቋጥርላት።

«ያሸነፈ ወደ ቤት ስንሄድ በአባዬ ትከሻ ላይ ይሄዳል። እስከ ቤት።»

አትክልት ጣቷን ራሷ አቀረበች።

ቢሻው ቶሎ ተሸነፈ። ማናየሽ «በል በቃ ፈትቼልሃለሁ» ስትለው «ውሃ» አለ። አትክልት አፏን በእጇ ይዛ ተንፈቀፈቀች፤ ወንድሟ እንዴት እንደተበላ አየች፣ ተማረችበትም። ማናየሽ ለልጁ ውሃ አጠጥታ አዘለችው፤ ጀርባዋ ላይ ወዲያው እንቅልፍ ጣለው። ከዚያ ወደ አትክልት ዞረች።

«ዶሮ ለምንድነው ጥርስ የሌላት?» አትክልት ጭጭ። «ሰውዬው ከረሜላ ቢሰጥሽስ?» ጭጭ። ማናየሽ ከበሩ ወዲያ ያለውን እያሰበች፣ ቀርከሃውን እያሰበች ጠበቅ አደረገችው። «ባለ መሣሪያው ቢጠይቅሽስ?» ራሷን ነቀነቀች፣ አልናገርም። «አባዬ ራሱ መጥቶ ቢጠይቅሽስ?»

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ጎበዝ» አለች ማናየሽ። «እኔ በእጄ እስክፈታሽ።»

እንዲህ ዓይነት ሰላም ከጠዋት ጀምሮ አላገኘችም። ሴቶቹ ልጅቷን እያዩ ተገረሙ፤ አንዷ «ምን አድርገሽ ነው? እኔንም አስተምሪኝ» አለቻት። ማናየሽ ፈገግ አለች። ካፊያው አባራ፣ ተራው አንድ በአንድ እየተጠራ አለቀ፤ ልትናገረው የሚገባትን ቃል በልቧ ደጋግማ አጠናች። ጓድ ሰብሳቢ፣ እናታቸው ሞታለች፣ ከሱ በቀር ማንም የላቸውም።

«የደርበው ቤተሰብ» አለ ሀብቱ።

ብድግ አለች። ቢሻውን በጀርባዋ አስተካከለች፣ አትክልትን በእጇ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ሀብቱ እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«አንቺ እዚህ ቁሚ። ልጅቷ ብቻ ናት የምትገባው።»

«ብቻዋን? ሕፃን እኮ ናት።»

«እንዲያ ነው ትእዛዙ። ሰሞኑን ሰው የጎረቤት ልጅ እየተዋሰ ልጄ ነው እያለ አስቸገረ። ልጆቹን ለብቻ ይጠይቋቸዋል። የራሱ ልጅ ከሆነች አባቴ ትለዋለች፣ አለቀ» አለና አትክልትን በትከሻዋ ይዞ አስገባት። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

ማናየሽ መጀመሪያ ደስ አላት። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት። አባቴ ነው ማለት ለአትክልት ምኗ ነው? አንዴ ከጀመረች ማን ያስቆማታል? ደርበው ራሱ ዳኛ ፊት አቁሙልኝ ሲል ነበር። ይህን እያሰበች ሳለ ነው በገርባባው በር የልጅቷን እጅ ያየችው፤ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ትንሿ ጣት ላይ ሰርዶው እንደታሰረ።

ሕጉ ትዝ አላት፤ በእጇ አልፈታቻትም።

«ስምሽ ማነው?» የሰብሳቢው ድምፅ ነው፤ ከሌላ አገር የመጡ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ሰው ናቸው። ዝም። «አትፍሪ። ስምሽን ንገሪኝ።» ዝም። «የአባትሽስ ስም?» ዝም። ወንበር ተንቋቋ። «አምጡት እስቲ።»

ሌላ በር ተከፈተ። ማናየሽ በስንጥቁ አየችው። ፀጉሩን ላጭተውታል፣ ከስቷል፣ እጁ የፊጥኝ ታስሯል። ደርበው ልጁን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አትክልት» አለ። «አትክልቴ።»

ልጅቷ አየችው። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች። ከንፈሮቿን እንዳያመልጧት በጥርሷ ነከሰቻቸው፣ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፣ ግን እየሳቀች ነበር፤ አሁን ትከሻው እዚሁ፣ ቅርብ ነው።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ? ማነው?»

ጭጭ።

«ጓድ» አለች ማናየሽ ለሀብቱ፣ «አንዴ ልግባ፣ ጣቷ ላይ ያለውን ልፍታላት፣ ጨዋታ ነው፣ አፏን አስሬው ነው፣ በናትህ።» ሀብቱ ምን እንደምትል አልገባውም። ማንስ ይገባዋል? «ቁሚ» አላት። ልትገፋው ሞከረች፣ በመሣሪያው አግድሞ ያዛት። የዚያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ የተከለከለውን ጩኸት ጮኸች። ስትደነግጥ የሚመጣላት የእናቷ ቋንቋ ነው፤ ከልጆቹም ጋር ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በሱው ነው። በአገውኛ ጮኸች፤ ፈትቼሻለሁ፣ ተናገሪ፣ ፈትቼሻለሁ አለቻት።

አትክልት ወደ በሩ ዞረች። አክስቷን አየቻት። ከዚያ ጣቷን ከፍ አድርጋ ሰርዶውን አሳየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ቢሻው በዚሁ አይደል የተበላው? እሷን አያታልሏትም።

«ያቺ ሴት ምንድነው የምታመላክታት?» አሉ ሰብሳቢው፣ አሁን ድምፃቸው ተለውጦ። «በማልሰማው ቋንቋ ምን እያለች ነው የምታዛት?»

ደርበው ሰርዶውን አየ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ፤ የገዛ ሕጉ ነው። «ጌታዬ፣ ጨዋታ ነው» አለ። «ሣሩ እስኪፈታ አትናገርም። እህቴ ትፍታላት፣ እህቴ ብቻ ናት የምትፈታው፣ እባክዎ።» የሚለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሁሉም ደግሞ ውሸት ይመስል ነበር። ተንበረከከና ፊቱን ወደ ልጁ እጅ አቀረበ፤ በጥርሱ ሊበጥሰው ነው። አትክልት እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ሌላ ሰው ከበጠሰው ትሸነፋለቻ።

«ከፊቱ ሸሸች፣ አያችሁ?» አሉ ሰብሳቢው። «አንዲት ቃል አልወጣትም። ልጅ አባቷን አይታ? ውሰዱት።»

ልጅቷ ወጣች። አፏን ገጥማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ነው የወጣችው፤ ጣቷን ለማናየሽ ዘረጋችላት። ማናየሽ መፍታት አቃታት። ቋጠሮውን ራሷ ነች ያጠበቀችው፤ ጥፍሯ እየተንሸራተተ፣ እንባዋ ላዩ ላይ እየወረደ፣ በመጨረሻ በጥሳ ጣለችው።

«አሸነፍኩ» አለች አትክልት፣ አፏ እንደተፈታ። «አባዬ ራሱ ጠየቀኝ፣ አልተናገርኩም። አንቺም አታለልሽኝ፣ አልተናገርኩም። ፀጉሩን ተላጭቷል አይደል? የት ሄደ? በትከሻው እኮ ነው የምሄደው።»

ማናየሽ ልጅቷን እየጎተተች መልሳ ወደ በሩ ሮጠች። አሁን ይጠይቋት፣ አንዴ ይጠይቋት አለች። ሰብሳቢው ኮታቸውን እየለበሱ ሲወጡ አገኘቻቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቀች። አትክልትም ገባት፣ ወይም የአክስቷን ሁኔታ አይታ ደነገጠች፤ «አባቴ ነው፣ ደርበው ነው ስሙ፣ እኔን ሁልጊዜ ይሸከመኛል» እያለች በአንድ ትንፋሽ ለፈለፈች። ቢሻው ከእንቅልፉ ባንኖ አለቀሰ።

«አሁን አስጠናሻት» አሉ ሰብሳቢው። በቁጣ አላሉትም፤ የደከመው ሰው አባባል ነው። እግራቸውን ቀስ ብለው አላቅቀው ሄዱ።

ኦራሉ ተነሳ። ሰዎቹ ላዩ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል፤ የተላጨ ራስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ማናየሽ ደርበውን መለየት አልቻለችም። አትክልት ግን ለየችው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ ተሰማ፣ ግቢውን ሞላው። ሀብቱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ዝም በይ አላላትም።

ሰዉ ተበተነ። ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ሲጀምሩ ልጅቷ ዝም አለች፤ ማንም ሳያስራት። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረችው።

«አክስቴ፣ ብናገር ኖሮ አባዬ ከኛ ጋር ይመጣ ነበር?»

ማናየሽ ቆመች። ይህቺ ጥያቄ እንደምትመጣ መንገዱን ሙሉ ታውቅ ነበር፤ እስክትሞትም ድረስ እንደምትጠየቃት ታውቅ ነበር። ቢሻውን ከጀርባዋ አውርዳ እጁን ይዛ አቆመችው።

«አይመጣም ነበር» አለች። «ብትናገሪም አይመጣም ነበር። አንቺ አሸንፈሻል።»

ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሰጠቻት፣ አትክልትም ወጣች። ከባድ ነበረች፣ ዳገቱም ረጅም ነው፤ ማናየሽ እስከ ቤት ድረስ አላወረደቻትም።